የቤት ውስጥ ፎቶን ወደ ጌም ዳራ ስትቀይሩ መጀመሪያ የዓይን መስመሩን አግኙ

ከፎቶ ተነስታችሁ በሳላችሁት ዳራ ላይ ገጸ ባሕሪው የተንሳፈፈ ወይም ግዙፍ ከመሰለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሳተው የዓይን መስመር ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ የድንጋይ ቤት ውስጡን ፎቶ አነሳችሁ እንበል። በአዲስ ሌየር ላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቁትን የመደቡን ጠርዝና የጣሪያውን ወራጆች በቀጥታ መስመር አስረዝሙ። በሚገናኙበት ነጥብ ላይ አግድም መስመር አስምሩ፤ የዓይን መስመሩ ይህ ነው፤ ካሜራው የነበረበትን ከፍታ ያሳያል። ስልኩን ሳታዘነብሉ በዓይናችሁ ልክ ይዛችሁ ካነሳችሁ፣ እናንተን የሚያክል ሰው ወለሉ ላይ የትም ቢቆም ዓይኑ እዚያው መስመር ላይ ይውላል። ሲርቅ ከፍ የሚለው እግሩ ነው። የምትጨምሩት ሣጥንም ጠርዙ ከመደቡ ጋር ትይዩ ከሆነ ወደዚያው ነጥብ ይሳባል።

የፎቶውን ጥላ ግን አትቅዱ፤ ስልክ ጨለማውን በራሱ ስለሚያፈካው አያስተማምንም። ዕቃውን ሁሉ በገዛ ቀለሙ ቀቡ፤ ጥላውን ደግሞ በ Multiply ሌየር ላይ፣ ብርሃኑ ከበሩ ብቻ እንደሚገባ አድርጋችሁ ሳሉ።

መስመሮቹ አንድ ነጥብ ላይ አልገናኝ ካሉ ሰፊው ሌንስ አጉብጧቸው ይሆናል፤ በ1x አንሱ። ክብ ጎጆ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለሌለው፣ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ወለሉ ላይ ትይዩ አድርጋችሁ አጋድሙ።