በየማለዳው የሚያስወጣን ዋትስአፕ

አራት ኪሎ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤታችን ሥራዋ በዋትስአፕ ነው። ተማሪው ፋይሉን ይልካል፣ እኛ እናትማለን። ሰሞኑን ግን የማተሚያው ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ከአካውንታችን ወጥቶ ይጠብቀን ጀመር። በሱቁ ስልክ ኮዱን ስካን አድርጌ እመልሰዋለሁ። አራተኛው ቀን ላይ እምቢ አለ፤ ገደቡ ሞልቷል። ከዋናው ስልክ ሌላ የሚፈቀደው 4 መሣሪያ ነው።

እኛ ያለን ግን ሁለት ኮምፒውተር ብቻ!

ረዳቴ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ከዝርዝሩ አንዱን አስወጣ። ወዲያው ከጓዳ ጩኸት መጣ፤ ያስወጣው የሒሳቡን ኮምፒውተር ኖሯል። አልፈርድበትም፣ ሁሉም ስማቸው አንድ ዓይነት ነው።

የሱቁ ስልክ ላይ `Linked devices` ገብቼ አንድ በአንድ ነካኋቸው። `Last active` የሚለው ቀን ለየልኝ። ሦስቱ የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ ሬሳዎች ነበሩ። `Log out` አልኳቸው።

ጥፋቱ የራሳችን ነው። የደንበኛ ኢሜይል ተከፍቶ እንዳይቀር ብለን፣ ክሮም ሲዘጋ ኩኪዎችን ሁሉ እንዲያጠፋ አድርገነው ነበር። የእኛም መግቢያ አብሮ ይጠፋል። ጠዋት ስካን ሲደረግ ዋትስአፕ አዲስ መሣሪያ ብሎ ይቆጥረዋል፣ የትናንቱም ቦታውን እንደያዘ ይቀራል።

አሁን ክሮም ላይ ሁለት ፕሮፋይል አለን። የደንበኞቹ ሲዘጋ ይጸዳል፣ የእኛው አይነካም። የሱቁን ስልክም መሳቢያ ውስጥ አንረሳውም፤ 14 ቀን ካልተከፈተ የተገናኙትን ሁሉ ያስወጣል።