1300 የጀርመንኛ ቃል በ6 ወር በጫማ ካርቶን እንዴት እንደሚያዝ (ለቢ1 ፈተና)

መጀመሪያ ስሞክር በቀን 30 ቃል ነበር የምይዘው፣ ደብተር ላይ በግራ ጀርመንኛ በቀኝ አማርኛ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የትላንቱ ራሱ ይጠፋብኝ ጀመር፣ የድሮውን ልከልስ ስል አዲሱ ይከመራል አዲሱን ስይዝ የድሮው ይረሳል፣ በቃ ተውኩት። በሁለተኛው ዙር ወደ 10 ቃል ወረድኩ፣ ግን እያንዳንዷ ቃል ተመልሳ የምትመጣበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የያዘልኝ እሱ ነው፣ እንዴት እንደሚሰራ ልጻፍላቹ።

መጀመሪያ የምትይዙትን ቃል ቁጠሩ። ጎተ ኢንስቲትዩት የቢ1 የቃላት ዝርዝር በነፃ ያወጣል፣ ወደ 2400 ቃል አለው፣ ኤ2 ጨርሶ ለሚመጣ ሰው ብዙው አዲስ አይደለም። እርሳስ ይዛቹ ከላይ እስከ ታች ውረዱ፣ ትርጉሙን ሳታስቡ ወዲያው የምትሉትን ሰርዙ፣ "አውቀዋለሁ መሰለኝ" ያላችሁትን ግን አትሰርዙ፣ እሱ አይታወቅም። እኔ 1100 ገደማ ሰርዤ 1300 ቀረኝ።

አሁን ሂሳቡ። የኛ ካላንደር እዚህ ላይ ይመቻል ምክንያቱም ወሩ ሁሉ እኩል 30 ነው። ፈተናው መጋቢት መጀመሪያ ነው እንበል (ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚነግሯቹ፣ ቀይሩት)፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ልክ 180 ቀን ነው። አዲስ ቃል የሚጻፈው እስከ ጥር 30 ብቻ ነው፣ እሁድ እሁድ አዲስ የለም ክለሳ ብቻ፣ ስለዚህ ወደ 129 ቀን ይቀራል፣ በቀን 10 ሲሆን 1290። ደረሰ ማለት ነው።

ቀጥሎ ካርቶኑ። የጫማ ካርቶን ውሰዱና ከ1 እስከ 30 ቁጥር የተጻፈባቸው የካርቶን መለያዎች አቁሙበት፣ እያንዳንዱ መለያ የወሩ አንድ ቀን ነው። ቃሉን የምትጽፉበት ደረቅ ወረቀት በመዳፍ የሚያዝ ይሁን። ቃሉ የሚመለሰው ከ1 ቀን፣ ከዛ ከ3፣ ከዛ ከ7፣ ከዛ ከ16፣ ከዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። መስከረም 1 የተጻፈ ቃል መስከረም 2 ይታያል፣ ከታወቀ መለያ 5 ጀርባ ይገባል፣ መስከረም 5 ላይ ከታወቀ ወደ 12፣ ከ12 ወደ 28፣ ከ28 በኋላ ደሞ 30 ቀን ስለሆነ እዛው 28 ጀርባ ተመልሶ ይቀመጥና ጥቅምት 28 ራሱ ይመጣል። ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ ጥጉ ላይ በእርሳስ 1፣ 2፣ 3 ብላቹ ጻፉ። ባለ 30 ቀኑን ዙር ሁለቴ ያለፈ ካርድ ከካርቶኑ ወጥቶ በላስቲክ ይታሰራል። ከተሳሳታቹ ግን የትኛውም ዙር ላይ ይሁን ካርዱ ወደ ነገ ይመለሳል፣ ከ1 ይጀምራል። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ጳጉሜን መሃል ላይ የሚገባባቹ ከሆነ ለነዛ ቀናት ሌላ መለያ ጨምሩ፣ ባለ 30 ቀኖቹ ትንሽ ቢዘገዩ ምንም አይሉም።

ሰው ብዙ የሚበላሽበት ካርዱ አጻጻፍ ላይ ነው። እኔ "ቀጠሮ" ብዬ ብቻ ጽፌ ከጀርባው "ዴር ተርሚን" የሚል ካርድ ነበረኝ፣ ካርዱ በመጣ ቁጥር "ፈርአፕሬዱንግ" እላለሁ፣ ስህተት ብዬ ወደ ነገ እመልሰዋለሁ፣ አምስት ጊዜ! በኋላ ነው የገባኝ፣ ፈርአፕሬዱንግም ቀጠሮ ነው፣ ግን ከጓደኛ ጋር ቡና ለመጠጣት ምናምን የምንይዘው ዓይነት፣ ተርሚን ደሞ የሐኪም ወይ የቢሮ ቀጠሮ። አማርኛው አንድ ነው ጀርመንኛው ሁለት። ካርዱን ቀድጄ "ነገ ሦስት ሰዓት የጥርስ ሐኪም ___ አለኝ" ብዬ በአረፍተ ነገር ጻፍኩት፣ ከዛ ወዲህ አልወደቀም። ስለዚህ ከፊት ክፍት ቦታ ያለው አጭር አረፍተ ነገር፣ ከጀርባ ቃሉ ከነአርቲክሉና ከነብዙ ቁጥሩ። ዴር በሰማያዊ፣ ዲ በቀይ፣ ዳስ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ አርቲክሉን ከሳታቹ ቃሉን እንዳልመለሳቹ ቁጠሩት።

ሌላው፣ ዝርዝሩን በፊደል ተራ አትያዙ። አንማኸን፣ አንሜልደን፣ አንሩፈን፣ አንትሲየን በአንድ ቀን ከገቡ ሁሉም "አን" ስለሆኑ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አንዱን ዛሬ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በመሃል ከተለያየ ገጽ እየቆነጠራቹ።

የየቀኑ ሥራ እንዲህ ነው፦ ጠዋት የዛሬውን ቁጥር ካርዶች አውጡ፣ ከክፍቱ ቦታ ጋር ጮክ ብላቹ መልሱ፣ በልባቹ እስከ ሦስት ስትቆጥሩ ካልመጣ አልታወቀም። ይሄን የምለው ማዳመጥ ክፍሉ ላይ ስለማይጠብቃቹ ነው፣ ቃሉ ትዝ እስኪላቹ ሰውዬው ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሷል። አዲሶቹን 10 ማታ ጻፉ። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላ ክለሳው በቀን 60 ወይ 70 ካርድ ይደርሳል፣ አንዱ 10 ሰከንድ ቢወስድ 12 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አዲሶቹን መጻፍ ሲጨመር ግማሽ ሰዓት። በቀን 30 አዲስ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ በሦስት ይባዛል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ የወደቅኩት።

መጠኑ ልክ መሆኑን የሚነግራቹ ባለ 30 ቀን ካርዱ ነው። ከ10 ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ከመለሳቹ ቀጥሉ። ከሰባት በታች ከሆነ አዲሱን ለሁለት ሳምንት ወደ 5 አውርዱ። አራት ጊዜ የወደቀ ካርድ ካለ ደሞ በድጋሚ አትታገሉት፣ ቅደዱትና በሌላ አረፍተ ነገር ጻፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ካርድ ጋር እየተምታታ ነው። እንትሻይደን (መወሰን) እና ኡንተርሻይደን (መለየት) እኔን እንደዛ አርገውኛል፣ አንደኛውን ለወር አውጥቼ ነው የተገላገልኩት።

ለቅሶ ይኖራል፣ ትርፍ ሰዓት ሥራ ይኖራል፣ አራት ቀን ሊዘለል ይችላል። ያኔ የተከመረውን በአንድ ማታ ልጨርስ አትበሉ። አዲስ ቃል አቁሙና በቀን 80 ካርድ ብቻ ሥሩ፣ ጥጋቸው ላይ 1 እና 2 ያለባቸውን አስቀድሙ፣ ገና ስላልጸኑ ሲዘገዩ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸው፣ ወር የቆየ ካርድ አራት ቀን ቢጨመርበት ብዙም አይጎዳም። ክምሩ ሲያልቅ ወደ 10 ተመለሱ። የጎደለውን ለማካካስ 20 አትያዙ፣ 1300ው 1250 ቢሆን ማንም አይጥላችሁም፣ የሚያሳልፈው ከእያንዳንዱ ክፍል ከ100 60 ነው።

ጥር 30 ላይ የሚቆመው ለምንድነው ካላቹ፣ በዛ ቀን የገባች የመጨረሻ ቃል የካቲት 1፣ 4፣ 11 እና 27 ላይ ትታያለች፣ ፈተናው ከመድረሱ በፊት አራቴ ማለት ነው። ከየካቲት 3 በኋላ የገባ ቃል ግን የካቲት እስኪያልቅ የ16 ቀኑን ዙር አያይም። የካቲትን በላስቲክ ለታሰሩት ስጡ፣ እስከዛ ወደ 550 ይሆናሉ፣ በቀን 20 እየመዘዛቹ ብትፈትሹ እስከ 28 ያልቃሉ፣ የወደቁትን ብቻ ወደ ካርቶኑ መልሱ።

ስልክ የሚቀላቹ አንኪ የሚባለው አፕ ቀኑን ራሱ ያሰላል፣ ሴቲንግ ውስጥ በቀን የሚገባውን አዲስ ካርድ 10 አርጉና ከጥር 30 በኋላ ዜሮ። ሌላው ሰው ያዘጋጀውን ካርድ ግን አታውርዱ፣ የ"ቀጠሮ" ጣጣ እዛም አለ።