ታንከራችሁ ስንት ቀን ያደርሳችኋል? በሜትር፣ በሲባጎና በዱላ የሚሰራ ስሌት

ሐረር ቤት ስሰራ ግቢዬ ውስጥ የሲሚንቶ ታንከር አስቆፈርኩ። ከመደፈኑ በፊት ከውጭ ለካሁት፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱም 1 ሜትር ተኩል። አባዛሁት፣ 4,500 ሊትር መጣ። አምስት ሰው ነን፤ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ብል 300 ሊትር። ስለዚህ 15 ቀን ያደርሰናል አልኩ። ውሃ በሰፈራችን ያን ጊዜ በአስር ቀን አንዴ ይመጣ ስለነበር አምስት ቀን ትርፍ አለኝ ብዬ ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከድሬዳዋ የመጡ አማቴ ከጓዳ ተጣሩ። «ልጄ፣ ይሄ ቧንቧችሁ ሳል ይዞታል እኮ!» ፓምፑ አየር እየሳበ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ሳይ ከታች ውሃ አለ፤ ግን መጥጫው አይደርስበትም። ሶስት ቀን በጀሪካን ተመላለስን።

ስህተቴ የሂሳብ አልነበረም፣ የልኬት ነው። ከዚያ ወዲህ «ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል» ብዬ አልጀምርም። «ውሃው አንድ ሴንቲ ሲወርድ ስንት ሊትር ወጣ» ነው የምለው። ይህን ቁጥር ካወቃችሁ ሌላው በዱላ የሚነበብ ነገር ነው።

ክቡን በመለካት ጀምሩ

ሮቶ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። በሲባጎ ወገቡን አንድ ዙር ጠምጥሙ። ሲባጎ ያልኩት የላስቲክ ገመድ ስለሚሳብ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ደግሞ አጭር ነው። ሮቶው ጎድጎድ ያሉ ቀለበቶች ካሉት አንዴ በጉብታው፣ አንዴ በጎድጓዳው ለክታችሁ መሃሉን ውሰዱ።

የእኔ ዙሪያው 345 ሴንቲ ሆነ። ለ3.14 ሲካፈል 110 ሴንቲ፤ ይህ ከዳር እስከ ዳር ያለው ነው። የሚያስፈልገን ግማሹ ነው፣ 55። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 110ን ሳያጋምስ ያባዛና አራት እጥፍ ውሃ ያገኛል፣ በወረቀት ላይ።

```
3.14 × 55 × 55 ÷ 1000 = 9.5
```

ለ1000 ያካፈልነው አንድ ሊትር 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ነው። እንግዲህ በእኔ ሮቶ አንድ ሴንቲ ውሃ ማለት 9 ሊትር ተኩል ነው። ካላመናችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስር ጊዜ ገልብጡበት፤ 21 ሴንቲ መነሳት አለበት። ይህ የሚሰራው ቀጥ ባለው ወገቡ ላይ ነው። ወደ አንገቱ የሚጠበውን ክፍል እርሱት።

ቁመቱን ከመሬት እንዳትለኩ። ከታች መነሻው የመውጫው ቧንቧ ነው፤ ከላይ መጨረሻው ተንሳፋፊው ውሃውን የሚዘጋበት መስመር። በእኔ ሮቶ በሁለቱ መካከል 95 ሴንቲ አለ። 95 በ9.5 ሲባዛ 902 ሊትር ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ግን 1,000 ነው።

የሲሚንቶው ታንከር

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ከውጭ የለካሁት ግድግዳውንም ጨምሮ ነበር። ግድግዳው ከነልስኑ 20 ሴንቲ ይወፍራል፣ ያውም በሁለቱም በኩል። ስለዚህ 200 የነበረው ርዝመት ውስጡ 160፣ 150 የነበረው ወርድ 110 ነው።

```
160 × 110 ÷ 1000 = 17.6
```

በአንድ ሴንቲ 17.6 ሊትር። ቁመቱም እንደዚሁ ተሸራረፈ። ወለሉና ጣሪያው አስር አስር ሴንቲ ወስደው 130 ቀረ። የትርፍ ማስወጫው ቀዳዳ ከጣሪያው 15 ሴንቲ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ በላይ ውሃ አይቆምም። የፓምፑ መጥጫ ደግሞ ከወለሉ 10 ሴንቲ ከፍ ብሎ ነው የተንጠለጠለው። ይህንን ዝቅ ላድርገው ብላችሁ አትሞክሩ። የእኛ ውሃ የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ነው ተገፍቶ ዳገቱን የሚወጣው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ከዚያ ነው። ታንከር ወለል ላይም ዝቃጭ ይተኛል፣ መጥጫው ያንን መሳብ የለበትም።

የቀረው 105 ሴንቲ ነው። በ17.6 ሲባዛ 1,848 ሊትር። 4,500 ካልኩት ግማሹም አይሞላም። ለ300 ስታካፍሉት ስድስት ቀን፤ አማቴ የሳሉን ድምፅ የሰሙት በሰባተኛው ጠዋት።

የተቀበረ ታንከር ቢሆንና የግድግዳውን ውፍረት ባታውቁስ? ልለካ ብላችሁ አትግቡ። የተዘጋ ታንከር ውስጥ አየሩ ሰው ሊጥል ይችላል። የተሻለ ዘዴ አለ፣ ሮቶውን እንደ መለኪያ መጠቀም። የሚገባውን ውሃም ወደ ቤት የሚሄደውንም ዝጉ። የሁለቱንም ከፍታ በዱላ ለኩ፤ ከዚያ ከሲሚንቶው ወደ ሮቶው በፓምፕ ግፉ። የእኔ ሮቶ 50 ሴንቲ ሲነሳ፣ ማለትም 475 ሊትር ሲገባበት፣ የሲሚንቶው 27 ሴንቲ ወረደ። 475 ለ27 ሲካፈል 17.6 ነው። ስሌቱ ትክክል እንደሆነ ልቤ ያረፈው ያኔ ነው።

ለዱላነት ነጭ የኤሌክትሪክ ፕላስቲክ ቱቦ እመርጣለሁ። ብረት ይዝጋል፣ እንጨት ይነፋል። በየአምስት ሴንቲው ምልክት አድርጉበት።

በቀን ስንት ትጠቀማላችሁ?

«ለአንድ ሰው ይህን ያህል» የሚለውን ግምት ተዉት። ፓምፑን አጥፍተን ሶስት ቀን ከሮቶው ብቻ ተጠቀምን፤ ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ለካሁ። በመጀመሪያው ቀን 24 ሴንቲ ወረደ፣ 228 ሊትር። በሁለተኛው ልብስ ታጠበ፣ 41 ሴንቲ፣ 390 ሊትር ገደማ። በሶስተኛው 22 ሴንቲ፣ 209 ሊትር።

ሶስቱን ደምሮ ለሶስት ማካፈል ስህተት ነው፣ ልብስ በሳምንት አንዴ ነው የሚታጠበው። ስድስት ተራ ቀናትንና አንድ የእጥበት ቀን ደምሬ ለሰባት ሳካፍል በቀን 243 ሊትር ወጣ። ሁለቱ ታንከሮች አንድ ላይ 2,750 ሊትር ናቸው። ለ243 ሲካፈል አስራ አንድ ቀን። ከአስር ቀን ፈረቃ የሚተርፈኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፈረቃው ከተንሸራተተ ያቺም የለችም።

አንድ ሌሊት ደግሞ ሁሉም ከተኛ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለኩ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሰው ሳይነሳ ድገሙ። የእኔ አንድ ሴንቲ ወርዶ ነበር። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በሰባት ሰዓት 9 ሊትር ተኩል፣ በሃያ አራት ሰዓት ከ32 ሊትር በላይ ነው። ሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ አልዘጋ ብሎ ነው። ይህን ሌሊት ከሮቶው ለኩ፤ ሲሚንቶው ሰፊ ስለሆነ ያው ውሃ ግማሽ ሴንቲ ብቻ ነው የሚያወርደው፣ ለዓይን አይታይም።

አሁን የሲሚንቶው አልቆ ሮቶው ብቻ ሙሉ ሲሆን ሶስት ቀን ተኩል እንዳለን እናውቃለን። የልብስ እጥበት የሚቆመው፣ ቦቴ የሚጠራውም ያን ዕለት ነው። ባለ ቦቴው 5,000 ሊትር ይዞ ቢመጣ ባዶው ታንከር የሚቀበለው 1,848ቱን ነው። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ቀሪውን የሚካፈል ጎረቤት ፈልጉ።