የጋብቻው ቀን በየወረቀቱ ሲለያይ፦ ለቤተሰብ ማገናኘት የሚቀርብ የግል መግለጫ እንዴት ይጻፋል?

የቤተሰብ ማገናኘት ፕሮሰስ የጀመረ ሰው የግል መግለጫ ጻፍ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለቋንቋው ነው። ናፍቆቱን እንዴት አሳምሮ እንደሚናገር ያስባል። ፋይሉን የሚያየው ኦፊሰር ግን መግለጫውን ከጋብቻ ወረቀቱ፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱና ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክራል። ቀንና ስም ካልገጠሙ ናፍቆቱን የሚያነበው በጥርጣሬ ነው።

ከወሎ የሚሄዱ ፋይሎች ላይ ግጭት የሚያመጣው ውሸት ሳይሆን የወረቀቶቹ ጠባይ ነው። ኒካሁ ወይም ሠርጉ በአንድ ዓመት ይሆናል፣ ምዝገባው በሌላ። ቀኑ በኢትዮጵያ፣ በሒጅራና በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ስሙ ደግሞ በላቲን ፊደል በየቢሮው ይለያያል። መግለጫው የሚያስፈልገው እነዚህን ለማገናኘት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስሞቹን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሰይድ ውጭ አገር ጥገኝነት አግኝቶ ሚስቱን ዘሐራንና ልጃቸውን ሐያትን ሊወስድ ጠይቋል። ዘሐራ ሐይቅ ከተማ ትኖራለች። ኒካሁ የታሰረው ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ሐያት ኅዳር 12 ቀን 2007 ተወለደች። ጋብቻው ወሳኝ ኩነት ላይ የተመዘገበው በኅዳር 2009 ነው። ሰይድ አገር የለቀቀው በሚያዝያ 2009። መግለጫውን የምትጽፈው ዘሐራ ናት።

መጀመሪያ ወረቀቶቹን ዘርግፉ

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ያላችሁን ሰነድ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ከዚያ አንድ ባዶ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አስምሩ። በአንድ ዓምድ ክስተቱ፣ በሁለተኛው ቀኑ ልክ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው፣ በሦስተኛው የፈረንጅ ቀኑ፣ በአራተኛው የሰነዱ ስም፣ በመጨረሻው ስሞቹ በላቲን እንዴት እንደተጻፉ ይሁን። ከራሳችሁ ምንም አታርሙ። የተሳሳተውንም እንደተሳሳተ ገልብጡ።

እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው አንድ ትልቅ ሰነድ አለ። ውጭ ያለው ሰው መጀመሪያ ጥገኝነት ሲጠይቅ የሰጠው ቃል ነው። ሰይድ ያኔ ስንት ልጅ አለህ፣ መቼ አገባህ ተብሎ ተጠይቋል፤ መልሱም ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። የዘሐራን መግለጫ ከዚያ ጋር ማስተያየታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሰይድ የቃሉን ግልባጭ ከጠበቃው ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ ያንብብ፣ ያለውም ሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ።

አንዳንዱ ሰው በዚያ ቃለ መጠይቅ «ባለትዳር ነህ?» ሲባል «አይደለሁም» ብሏል። ኒካህ አስሮ በማዘጋጃ ያልፈረመ ሰው የተጠየቀው ስለ መንግሥት ወረቀት መስሎት እንዲህ ሊል ይችላል። ይህ ካጋጠመ ዘሐራ ልታስተካክልለት አትችልም። የተናገረው ሰው ራሱ፣ ለምን እንዲያ እንዳለ በራሱ መግለጫ ማስረዳት አለበት፤ ያውም ከጠበቃ ጋር ተማክሮ። እሷ የምትጽፈው እሷ የምታውቀውን ብቻ ነው።

ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሱ

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል። ከዚያ እስከ ጳጉሜን ድረስ የሚደመረው 8 ነው። ሁሌም 7 እየደመረ አንድ ዓመት የሚስት ሰው ብዙ ነው። የዘሐራ ኒካህ ጥር ላይ ስለሆነ 2006 ላይ 8 ደምረን 2014 እናገኛለን፤ ቀኑ ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 ይሆናል። ሐያት የተወለደችው ኅዳር ላይ ስለሆነ 7 ይደመርና ኖቬምበር 21 ቀን 2014 ይሆናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመታቸው ይለያያል፣ በፈረንጅ ግን ሁለቱም 2014 ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ሰው «ባገባን በዓመቱ ወለድን» ይልና ወረቀቱ በዚያው ዓመት ይላል።

ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ያለው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል። ስለዚህ እስከ የካቲት ያሉ ቀኖች በአንድ ቀን ይገፋሉ። በልብ ከማስላት መቀየሪያ ተጠቀሙ፤ ውጤቱን ግን ከላይ ባለው ደንብ ፈትሹት።

ዋናው አደጋ አጻጻፉ ላይ ነው። ዘሐራ የኒካሁን ቀን «18/05/2006» ብላ ብትጽፍ ፈረንጁ ሜይ 18 ቀን 2006 ብሎ ያነበዋል። ዘሐራ የተወለደችው በመጋቢት 1984፣ ማለትም በማርች 1992 ነው። በትክክለኛው ቀን ስታገባ 21 ዓመቷ ነበር። በተሳሳተው ንባብ ግን 14 ዓመቷ ይሆናል፤ ፋይሉም የልጅነት ጋብቻ ጥያቄ ይነሣበታል። ስለዚህ ወሩን በቁጥር አትጻፉ። የወሩን ስም ጻፉ፣ ከጎኑ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በሉ፣ ቀጥሎ የፈረንጁን አስከትሉ።

የኒካህ ወረቀቱ በሒጅራ ከሆነም እንዳለ ተዉት። የዘሐራው «ረቢዑል አወል 1435» ይላል፤ ይህ ከጃንዋሪ 2014 ጋር ይገጥማል። የሒጅራው ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን አንድ ቀን ቢዛነፍ አያስደነግጥም። መግለጫው ውስጥ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስ።

ስሙን በፓስፖርቱ ያዙ

ሰይድ በላቲን Seid፣ Seyid፣ Said እየተባለ ይጻፋል። ሁሴንም Hussen፣ Hussein ይሆናል። የእንግሊዝኛው መግለጫ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሂዱ። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ብቻ ግለጹ፦ «በልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስሜ Zahra Hussein ተብሎ ተጽፏል፤ በፓስፖርቴ Zehara Hussen ነው። ሁለቱም እኔ ነኝ፤ ልዩነቱ የመጣው ስሙ ከአማርኛ ሲገለበጥ ነው።»

የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑንም በአንድ መስመር አስረዱ። ለእኛ ግልጽ ነው፤ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲመጡ ለማያውቅ ሰው ግን ግራ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ የክርስቲያን ስም ያለው ሰው አባቱ ሙሐመድ ሊሆን ይችላል። እኛን አይገርመንም፤ ፋይል ላይ ግን ቢብራራ ይሻላል።

ቦታም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰነድ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ተሁለደሬ»፣ ሌላው በደፈናው «ወሎ» ይላል። «ሐይቅ በደቡብ ወሎ ዞን በተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ያለች ከተማ ናት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስቱን ታስታርቃለች።

ጉድለቱን ሳይጠየቅ ማስረዳት

የዘሐራ ፋይል ትልቁ ድክመት የምዝገባው ቀን ነው። ጋብቻው የተመዘገበው በኅዳር 2009፣ ባልየው የወጣው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ኦፊሰሩ «ይህ ጋብቻ ለፕሮሰሱ ሲባል የተሠራ ነው» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የምዝገባውን ቀን ዘሎ የኒካሁን ብቻ ይጽፋል። ምስክር ወረቀቱ ግን የጋብቻውንም የምዝገባውንም ቀን ለየብቻ ስለሚይዝ መዝለሉ ራሱ ጥርጣሬ ይሆናል።

ማስረጃ ያለው ማብራሪያ አራት ነገር ይይዛል፦ ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ለምን መጣ፣ ትክክለኛው የትኛው ነው፣ በምን ይታወቃል። ዘሐራ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

«እኔና ሰይድ ኒካህ ያሰርነው ጥር 18 ቀን 2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ጃንዋሪ 26 ቀን 2014) ሐይቅ ከተማ በአባቴ ቤት ነው። የኒካህ ወረቀቱ አባሪ 2 ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን (አባሪ 3) የተመዘገብነው በኅዳር 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያሳያል። ያገባነው ያኔ አይደለም፤ ያስመዘገብነው ያኔ ነው። ስናገባ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ገና አልተጀመረም ነበር። ልጃችን ሐያት የተወለደችው ከምዝገባው ሁለት ዓመት በፊት ነው (አባሪ 4)።»

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ምክንያቱ ሊረጋገጥ የሚችል ነው። የልጅቱ ልደት ደግሞ ከማንም ምስክር በላይ ይናገራል። የሐያት የልደት ወረቀት ራሱ ዘግይቶ የወጣ ከሆነ ያኛውም በዚሁ መንገድ ይብራራል፤ የክትባት ካርድ ወይም የተወለደችበት ጤና ጣቢያ ወረቀት ካለ አብሮ ይያያዝ።

ቀን ለማስማማት ብሎ አዲስ ወረቀት ማውጣት ወይም ወደ ኋላ ማስጻፍ ግን አይሞከር። የሚያወጣላችሁ ሰው አይጠፋም። ተገኝቶ ከታወቀ ግን እውነተኛው ወረቀትም አብሮ ይጣላል፤ በአንዳንድ አገር ሕግ ደግሞ ለወደፊትም ያስከለክላል። ሰነዱ ላይ እውነተኛ የጽሕፈት ስህተት ካለ፣ ያወጣው ቢሮ ሄዳችሁ በይፋ አሳርሙ፤ አሮጌውንም ቅጂ አትጣሉ።

የተቀረው

የቀረው ታሪክ በጊዜ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ እንዴት ተዋወቃችሁ፣ የት አብራችሁ ኖራችሁ፣ መቼ ተለያያችሁ፣ ከዚያ ወዲህ በምን ትገናኛላችሁ። ቀኑን በትክክል የማታስታውሱትን «በግምት በ2005 ክረምት» በሉ። ግምትን እንደ እርግጥ የጻፈ ሰው ኢንተርቪው ላይ ይያዛል። ብር ይልክልኛል ካላችሁ የሐዋላ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ እዩ። በጓደኛው ስም የላከበት ጊዜ ካለ እሱንም ጻፉት። ሁለት ገጽ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በአማርኛ ጽፋችሁ ካስተረጎማችሁ ትርጉሙን ሳታዩ አትፈርሙ። ተርጓሚው ቀኑን በራሱ ቀይሮት፣ እናንተም ቀይራችሁት፣ ሁለቴ የተቀየረ ቀን ይወጣል። እንግሊዝኛ ባታነቡ እንኳ ቁጥሮቹንና ስሞቹን ከሠንጠረዡ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ትችላላችሁ። ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አባት የሚፈርሙ ከሆነ ጽሑፉ በሚገባቸው ቋንቋ ይነበብላቸው፤ ማን እንዳነበበላቸውም ከፊርማው በላይ ይጻፍ። መሐላ ወይም የውልና ማስረጃ ማኅተም ያስፈልግ እንደሆነ ከምትሄዱበት አገር መመሪያ ላይ እዩ፤ አንዱ አገር የሚጠይቀውን ሌላው አይጠይቅም።

ከመላካችሁ በፊት ታሪኩን ለማያውቅ ሰው መግለጫውንና አባሪዎቹን ስጡት፤ የሚጋጭ ነገር እንዲፈልግ ንገሩት። የቤት ሰው አይሆንም፤ እሱ የጎደለውን በልቡ እየሞላ ያነባል።

የፈረማችሁበትን ቅጂ አስቀምጡ፤ ከኢንተርቪው በፊት ይነበባል። ከተላከ በኋላ ፓስፖርት ቢታደስና የስሙ አጻጻፍ ቢለወጥ፣ ወይም ከሐይቅ ወደ ደሴ ብትዛወሩ፣ የድሮውን መግለጫ በአዲስ አትተኩት። አዲስ ቀን ያለው አጭር ተጨማሪ መግለጫ ጽፋችሁ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደሚያሟላ ጠቅሳችሁ በዚያው የፋይል ቁጥር ላኩት።