የሪፖርቱ አማካይ ከጥሬ ቆጠራው ጋር አልገጥም ሲል

በአንድ ጤና ጣቢያ የተገልጋይ እርካታ ዳሰሳ ተደርጎ 240 መጠይቅ ተሰበሰበ እንበል። መልሱ ከ1 (በጣም አልረካሁም) እስከ 5 (በጣም ረክቻለሁ) ነው፤ ጥያቄውን የዘለሉት ደግሞ በ9 ተመዝግበዋል። 1ን የመረጡ 18፣ 2ን 30፣ 3ን 42፣ 4ን 78፣ 5ን 32 ሲሆኑ፣ 9 የተጻፈባቸው 40 ናቸው።

ምልክት፦ አማካዩ 4.32 ተብሏል

ከማስላትዎ በፊት ቆጠራውን ይዩ። 5ን የመረጡት 32 ብቻ ሆነው፣ 90 ሰው ደግሞ 3ና ከዚያ በታች ሰጥቶ አማካዩ ከ4 ሊበልጥ አይችልም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያ 9 ነው፤ ኤክሴል መለያ ቁጥር መሆኑን ስለማያውቅ እንደ ነጥብ ይደምረዋል። 40 ጊዜ 9 ማለት 360 ትርፍ ነጥብ ነው፤ 1036 ለ240 ሲካፈል 4.32 ይመጣል።

መፍትሄው ነጥቦቹን በA2:A6፣ ቆጠራቸውን በB2:B6 አስፍሮ 9ን ከስሌቱ ውጭ መተው ነው፦

```
=SUMPRODUCT(A2:A6,B2:B6)/SUM(B2:B6)
```

676 ለ200 ሲካፈል 3.38 ይሆናል። ውጤቱ ድፍን 3 ከመጣ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ፦ የተወሰደው ከ1 እስከ 5 ያሉት ነጥቦች አማካይ እንጂ የሰዎቹ መልስ አይደለም።

ምልክት፦ ሚዲያኑ 3 ነው ተብሏል

ይህም ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ `MEDIAN(A2:A6)` የአምስቱን ነጥቦች መሃል ብቻ ይሰጣል። በእጅ ለማጣራት ቆጠራውን ከታች ጀምረው እያጠራቀሙ ይደምሩ፦ 18፣ 48፣ 90፣ 168። ከ200 መልሶች መሃል ላይ ያሉት 100ኛውና 101ኛው ናቸው። 90ው አልፎ 168 ሳይሞላ ስለሚገኙ ሁለቱም 4 ላይ ናቸው፤ ሚዲያኑ 4 ነው።

ምልክት፦ አንድ ገጽ ላይ 55%፣ ሌላው ላይ 46% ረክተዋል ይላል

4ና 5ን የመረጡት 110 ናቸው። ለመለሱት 200 ሲካፈል 55%፣ ለሁሉም 240 ሲካፈል 45.8% ይሆናል። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ አካፋዩን አለመጻፍ ነው። እኛ የምንመርጠው 55%ን ጽፎ «ከመለሱት 200 ሰዎች፤ 40 አልመለሱም» ብሎ አጠገቡ ማስፈር ነው።

ምልክት፦ መቶኛዎቹ ሲደመሩ 102 ይሆናሉ

በ240 ተካፍለው ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጉ 8፣ 13፣ 18፣ 33፣ 13፣ 17 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 102 ነው። ከስድስቱ አራቱ በ.5 የሚያልቁ ስለሆኑ አራቱም ወደ ላይ ተጠጋግተዋል። ቁጥሮቹን ሳይነካኩ አንድ አሃዝ ከነጥብ በኋላ ያሳዩ፤ ድምሩ 100.0 ይሆናል። እያንዳንዱ ረድፍ በማጠጋጋት ቢበዛ በግማሽ ስለሚዛባ፣ ለስድስት ረድፍ ልዩነቱ ከ3 አይዘልም። ከዚያ ካለፈ አንድ ረድፍ ተደግሟል፣ ወይም ጥያቄው ከአንድ በላይ መልስ የሚፈቅድ ነበር። ሁለተኛው ከሆነ ድምሩ ከ100 መብለጡ ትክክል ነው፤ መቶኛው ከሰዎች ብዛት እንጂ ከመልሶች ብዛት እንዳልተሰላ ከሠንጠረዡ ስር ይጻፍ።