የሐዘን መልእክት ላይ የቱን ኢሞጂ እናድርግ?

ሀዋሳ ውስጥ ሰው ሲሞት ወሬው ከእድሩ ጥሩምባ ቀድሞ ቴሌግራም ላይ ይደርሳል። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ አለ፣ የሰፈር አለ፣ የአብሮ አደግ አለ፣ እድሩም የራሱ አለው። አንዱ ግሩፕ ውስጥ ፕሮቴስታንቱ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ካቶሊኩ አብረው ናቸው። ስለዚህ ለአክስታችሁ የላካችሁት ምልክት አቶቴ ያለውን ጎረቤታችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ምልክት ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ የሚቀድም ነገር አለ።

1. መርዶው መነገሩን አጣሩ

የቱንም ያህል ጨዋ ኢሞጂ ብትመርጡ ከመርዶ ከቀደመ ነውር ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ቤተሰብ ይመካከራል፣ ትልልቅ ሰዎችና የቅርብ ዘመድ ይመረጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ ላይ ቤት ተሄዶ ይረዳል። ወሬው ከተሰማበት ሰዓት እስከዚያ ማለዳ ድረስ ያለው ጊዜ ነው አስቸጋሪው።

እንበልና የሒሳብ ክፍል ባልደረባችሁ አባት ሐሙስ ከሰዓት ዲላ ላይ አረፉ። ቤተሰቡ አርብ ማለዳ ሊያረዳት ወስኗል። እሷ ቢሮ ቁጭ ብላ ደረሰኝ እየመዘገበች ነው። አንዱ ወሬውን ሰማና በመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ 😭🕯️ ብቻ ለጠፈ። ስም አልጠራም፤ ጥንቃቄ ያደረገ መስሎታል። ወዲያው «ማን ነው?» «ምን ተፈጠረ?» ይዘንባል። ሌላው ደግሞ አንጀቱ አልችል ብሎ በግል «አይዞሽ 🙏» ብሎ ይልክላታል። ከዚያ በኋላ እሷ ስልኳን አንስታ ዲላ መደወሏ አይቀርም። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን የተጨነቁበት ነገር በሁለት ኢሞጂ አለቀ።

ስለዚህ እሷ ባለችበት ግሩፕ ምንም አይለጠፍ፤ ምልክት ብቻውንም ቢሆን። ለቀብሩ መኪና ማዘጋጀትና ገንዘብ ማዋጣት ካስፈለገ እሷ የሌለችበት ሌላ ግሩፕ ክፈቱ። ስሙን ግን «ለቅሶ» አትበሉት። ከጎኗ የተቀመጠች ጓደኛችሁ ስልክ ላይ ማሳወቂያው ብቅ ሲል ከግሩፑ ስም ጋር ነው የሚወጣው። በየቀኑ የማትጽፉላት ከሆነም ያን ቀን ተነስታችሁ «ሰላም ነሽ? 😢» አትበሉ።

ፌስቡክ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ይብሳል። የሟችን ፎቶ በ💔 አጅባችሁ ስትለጥፉ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ገና አልሰማ ይሆናል። ውጭ አገር ላለ ሰው የሚያረዳው እስኪገኝ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለአንድ የቅርብ ቤተሰብ ደውላችሁ «ሁሉም ተረድተዋል ወይ?» በሉ። «አዎ» ሲባል ነው ወደሚቀጥለው የምታልፉት።

2. ለሐዘንተኛው ቤት እንጂ ለራሳችሁ አትምረጡ

ብዙ ሰው እጁ የለመደውን ይልካል። ኦርቶዶክሱ ሻማ፣ ፕሮቴስታንቱ 🙏፣ ሙስሊሙ 🤲። ለራሱ ወገን ሲሆን ያምራል፤ ለሌላው ሲሆን ግን ማሰብ ይፈልጋል።

የቤቱን ሥርዓት ለማወቅ ጥያቄ ማብዛት አያስፈልግም። ቤተሰቡ ራሱ የለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ። «ወደ ጌታ ሄዱ» ካለ ቤቱ የፕሮቴስታንት ነው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ካለ የሙስሊም ነው። ሥርዓተ ቀብሩ በአንድ ደብር እንደሚፈጸም ከተጻፈና ስለ ፍትሐት ከተነሳ የኦርቶዶክስ ነው። ቤተሰቡ የተጠቀመበትን ቋንቋ ተከተሉ፤ ኢሞጂውም ከዚያ አይውጣ።

ለኦርቶዶክስ ቤት 🕯️ ያስኬዳል፤ ሻማና ጧፍ የሥርዓቱ አካል ናቸው። ለአርባና ለሙት ዓመትም ይሆናል። መስቀል ላይ ግን ቆም በሉ። ስልክ ላይ ያለው ☦️ ባለ ሦስት አግዳሚ ነው፤ የታችኛው ደግሞ ዘመም ይላል። ይህ የሩሲያና የአካባቢዋ ቅርጽ ነው። የእኛ መስቀል ስልኩ ውስጥ የለም። የሚከፋ ሰው ባይኖር እንኳ የሚያስተውል ይኖራልና ብትተዉት ይሻላል።

ለፕሮቴስታንት ቤት ሻማውን ተዉት። ለሞተ ሰው ሻማ ማብራት ሥርዓታቸው አይደለም። «ነፍስ ይማር»ም እንዲሁ፤ ለሞተ ሰው ስለማይጸልዩ ቃሉ ራሱ ጆሯቸውን ይቆረቁራል። ኢሞጂውን አስተካክሎ ቃሉን መርሳት በጣም የተለመደ ነው። እዚህ 🙏 ይሆናል፣ «ጌታ ያጽናናችሁ» ከሚለው ጋር ይስማማል።

ለሙስሊም ቤት 🤲 ነው የዱዓው እጅ፤ መዳፍ ወደ ላይ የተዘረጋው። 🙏 የተጣመረ እጅ ስለሆነ ዱዓ አይመስልም። ሻማና መስቀል አይታሰብም። ☪️ን መጨመርም አያስፈልግም፤ «ሙስሊም መሆንህን አውቃለሁ» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ቀብሩ ቶሎ ስለሚፈጸም መልእክታችሁም አጭር ይሁንና ቶሎ ድረሱ።

የቤቱን ሥርዓት ማወቅ ካልቻላችሁ ቃል ብቻ ጻፉ። በኢሞጂ እጦት የተቀየመ ሐዘንተኛ አላውቅም።

ሌላው ልብ ነው። ❤️ ለእህትና ለልብ ጓደኛ ይሆናል። ወንድ ባልደረባ ባል ላላት ሐዘንተኛ ሲልከው ግን ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። 💔ን ወጣቶች ለሐዘን ይጠቀሙበታል፤ ትልልቅ ሰዎች ግን የፍቅር መለያየት አድርገው ነው የሚያነቡት። ለአለቃ፣ ለአማትና ለሽማግሌ ልብ የሚባል ነገር አትላኩ። ⚰️ እና 🪦 ለማንም አይሆኑም፤ ትናንት አፈር ያለበሰ ሰው የሬሳ ሳጥን ስዕል ማየት አይፈልግም። 💀 ደግሞ ለልጆቹ «በሳቅ ሞትኩ» ማለት ነው።

3. ፊቱን አጉልታችሁ እዩት

ትልቁ አደጋ 😂 እና 😭 ናቸው። ሁለቱም እንባ አላቸው። በትንሽ ስክሪን፣ በተለይ መነጽሩን ላላደረገ ሰው፣ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። 😂 ጥርሱን አሳይቶ አፉ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ እንባው በሁለቱ ዓይኖች ጥግ ጠብታ ሆኖ ቆሟል። 😭 ደግሞ አፉ ተከፍቶ ወደ ታች ወርዷል፣ እንባውም ጉንጩን ይዞ እስከ አገጩ ይፈስሳል። 😂ን አዘውትሮ ለሚጠቀም ሰው ኪቦርዱ ፊት ለፊት የሚያመጣለት እሱኑ ነው፤ ስለዚህ ጣት ሲስት የሚነካው እሱ ነው።

ሌሎችም አሳሳቾች አሉ። 😥 ላይ ያለው ጠብታ እንባ ሳይሆን ላብ ነው፤ ስሙም ያዘነ ግን እፎይ ያለ ፊት ነው። ለሞት «እፎይ» አይባልም። 😪 የሚያለቅስ ይመስላል እንጂ እንቅልፍ የያዘው ነው። 🥲 እንባ አለው፣ ግን ይስቃል። ፊት የግድ ካስፈለገ 😢 ይበቃል። አንድ እንባ፣ ወደ ታች የወረደ አፍ፣ የሃይማኖት ምልክትም የለበትም።

ቁጥሩም ነገር አለው። አንድ ብቻ፣ ከጽሑፉ በኋላ። 😭😭😭😭😭 ቀልድ ይመስላል። ቴሌግራም ላይ ኢሞጂ ብቻውን ሲላክ ደግሞ ትልቅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ 😭 እንባውን እየረጨ ይንፈራገጣል። ከፊቱ ጽሑፍ ካለ ግን ትንሽ ሆኖ ይቀመጣል። እንደ 🫂 እና 🪦 ያሉት አዳዲሶቹ በቆየ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው እንደሚታዩም አትርሱ።

የሒሳብ ክፍሏ ባልደረባችሁ አርብ ማለዳ ተረዳች እንበል። ቤተሰቧ ፕሮቴስታንት ነው። መጀመሪያ እጃችሁ የጻፈው «ነፍስ ይማር 🕯️🕯️☦️😭😭😭» ነበር። አሁን እንዲህ ይሁን፦

«በአባትሽ ዕረፍት በጣም አዝነናል። ጌታ ያጽናናሽ። ከሥራ በኋላ ሁላችንም ቤት እንመጣለን። 🙏»

4. ሪአክሽን ላይ እጃችሁን ሰብስቡ

ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ሁለቴ መታ ስታደርጉ ሪአክሽን በራሱ ይሄዳል። የሞት ማስታወቂያ ላይ ያልታሰበ 👍 ወይም 🔥 በዚህ መንገድ ሊያርፍ ይችላል። አንድሮይድ ስልክ ላይ Settings ገብታችሁ Chat Settings ውስጥ Quick Reaction የሚለውን 🙏 ብታደርጉት የሚያመልጠው ነገር ብዙም አያሳፍርም። የእድሩ ግሩፕ አስተዳዳሪ ከሆናችሁ ደግሞ የግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ Reactions የሚለውን ከፍታችሁ 🙏 እና 😢 ብቻ እንዲቀሩ ማድረግ ትችላላችሁ። ፌስቡክ ላይ Haha የሚለው ፊት ከሌሎቹ ጎን ነው ያለው፤ ለቅሶ ላይ ከሚያስቅ ፊት ምንም ሳይነኩ ማለፍ ይሻላል።

5. ካመለጣችሁ

ቴሌግራም ላይ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሁሉም አጥፉት፤ ምልክት አይተውም። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን «edited» የሚል ጽሑፍ ያስቀራል፤ ሰው ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል። ዋትስአፕ ላይ ብታጠፉትም መልእክት መጥፋቱን የሚናገር መስመር ይቀራል፤ ስለዚህ ወዲያው ትክክለኛውን ከሥሩ ላኩ። በሁለቱም ቢሆን ማሳወቂያው ቀድሞ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሐዘንተኛው እንዳየው ካወቃችሁ ግሩፕ ላይ ይቅርታ አትጻፉ። ያላየው ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልጋል፣ ያየውም ያስታውሳል። ለራሱ ለሐዘንተኛው ሳይሆን አጠገቡ ላለ ወንድም ወይም እህት ደውሉና «እጄ ስቶ ነው፣ ይቅርታ» በሉ። ለቅሶ ቤት ስትደርሱ ግን ነገሩን እናንተ አታንሱት፤ እሱ ካነሳው ብቻ መልሱ።