ውሻ ከነከሰ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከቁስሉ አጠባ እስከ መጨረሻው መርፌ

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከእንስሳው ምራቅ ወደ ቁስሉ ሲገባ ወዲያው በደም አይሰራጭም። መጀመሪያ በተነከሰው ቦታ ይቆያል፣ ከዚያ የነርቭ ጫፍ አግኝቶ በነርቩ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ያመራል። ከንክሻው እስከ መጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያልፋል፤ በሳምንት ውስጥ የታየበትም፣ ዓመት የቆየበትም አለ። አንጎል ደርሶ ውኃ መፍራትና መወራጨት ከጀመረ በኋላ የተረፈ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰውን የሚያድነው ሥራ ሁሉ የሚሠራው ቫይረሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ፣ የተነከሰው ሰውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ይህን ጊዜ ያባክናሉ።

«ጭረት ነው፣ ደም እንኳ አልወጣም»

የቁስሉ ትልቅነት አደጋውን አይነግርም። ሐኪሞች የሚጠይቁት ምራቁ በተከፈተ ቆዳ ላይ ወይም በዓይን፣ በአፍና በአፍንጫ ስስ ሽፋን ላይ አርፏል ወይ ብለው ነው። እንስሳውን መዳሰስ፣ ማብላት፣ ምንም ባልተላጠ ቆዳ ላይ መላስ ሕክምና አያስፈልገውም። ደም ሳይወጣ የተጫረ ወይም በጥርስ የተቆነጠረ ቆዳ ግን መታጠብና ክትባት ይፈልጋል። ቆዳውን በስቶ የገባ ንክሻ ወይም ጭረት፣ አንድ ነጥብ የምታህል ብትሆንም፣ ከክትባቱ ሌላ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒትም ያስፈልገዋል። ቀድሞ በነበረ ቁስል ላይ መላስም ከዚሁ ምድብ ነው።

የድመት ጭረት በተለይ ይናቃል። ድመት ጥፍሯን ስለምትልስ ምራቋ እጇ ላይ ሊኖር ይችላል። ቡችላም «ገና ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ጅብ፣ ቀበሮ፣ አህያና የቀንድ ከብትም ከታመሙ ያስተላልፋሉ።

ሌላው የሚያሳስተው «እብድ ውሻ» የሚለው ስም ነው። ሰው የሚጠብቀው አረፋ እየደፈቀ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ነው። ነገር ግን በሽታው ጸጥ ያለ መልክም አለው፤ ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ታችኛው መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንዲህ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ ማስገባት ባይነክስም እንደ ንክሻ መቆጠር አለበት፣ በተለይ እጅ ላይ ጭረት ወይም ቁስል ካለ።

ቁስሉን አለቅልቆ ቡና መነስነስ

ከሁሉ በፊት የሚደረገው አጠባ ቤት ውስጥ ያለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው፤ ብዙ ሰው ግን ግማሽ ደቂቃ አለቅልቆ ይተወዋል። የሚያስፈልገው ሳሙና፣ የሚፈስ ውኃና 15 ደቂቃ ነው። ቫይረሱ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ በመሆኑ ሳሙና ሽፋኑን ያፈርሰዋል፤ የሚፈሰው ውኃ ደግሞ የቀረውን ጠርጎ ያወጣዋል። ሰዓት ይመልከቱ፤ ለተጨነቀ ሰው 5 ደቂቃ 15 ይመስለዋል።

ቧንቧ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ ከላይ ያለማቋረጥ ያፍስስ፣ ሌላው ይጠብ። ተራ የልብስ ሳሙናም ሆነ የገላ ሳሙና ይሠራል። የጥርሱ ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ የቁስሉን ከንፈር በቀስታ ከፍቶ ውኃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በብሩሽ መፈግፈግ ግን ሥጋውን ስለሚጎዳ ጥሩ አይደለም። ከታጠበ በኋላ ቤታዲን ወይም ሌላ የአዮዲን መድኃኒት ይቀባል፤ እሱ ከሌለ አልኮል። ዓይንና አፍ የሚታጠቡት በብዙ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ፣ ቤንዚን አይደረግበትም። አንዳንዶቹ ሥጋውን አቃጥለው ቁስሉን ያሰፉታል፣ ሁሉም ደግሞ ምራቁን ውስጥ አፍነው ያስቀሩታል። በምላጭ መብጣትም ለቫይረሱ ተጨማሪ የነርቭ ጫፍ መክፈት ነው። አጥብቀው በፋሻ አይሰሩት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱም ቁስሉ ወዲያው እንዲሰፋ አይወትውቱ፤ መርፌው ቫይረሱን ወደ ጥልቅ ሥጋ ሊገፋው ስለሚችል ስፌት ይዘገያል፣ የግድ ሲሆን ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ከተወጋ በኋላ ላላ ተደርጎ ይሰፋል።

ሰዓታት አልፈው ከሆነስ? ያኔም ይታጠባል።

ውሻውን ገድሎ መጣል፣ ወይም ውሻው እስኪታይ ክትባቱን ማቆየት

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ስህተቶች ናቸው። ውሻ በምራቁ ቫይረስ መልቀቅ የሚጀምረው ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ከንክሻው ቀን ጀምሮ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ይህ የ10 ቀን ስሌት ለውሻና ለድመት ብቻ ይሠራል፤ ለአህያ፣ ለጅብና ለሌላ አውሬ አይሠራም።

ውሻው ሊያዝና ሊታሰር የሚችል ከሆነ አይገደል፤ ታስሮ ይታይ፣ ሰውየው ግን ክትባቱን በዚያው ቀን ይጀምር። ውሻው ከታመመ ወይም ከሞተ ጭንቅላቱ እንዳይቀጠቀጥ፣ ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ላይ ነውና። አሟሟቱን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ምርመራ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ነክሶ የተሰወረ የጎዳና ውሻ ደግሞ እንደታመመ ይቆጠራል።

«የመንጋጋ ቆልፍ ተወግቻለሁ፣ በቃኝ»

የቴታነስ መርፌ ለውሻ ንክሻ በእርግጥ ይሰጣል፣ አንቲባዮቲክም እንዲሁ፤ ሁለቱም ግን የእብድ ውሻ በሽታን አይከላከሉም። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ካልገባዎ ይጠይቁ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ክብደቷ 20 ኪሎ የሆነ የሰባት ዓመት ልጅ ሰኞ ማታ መዳፏን የሰፈር ውሻ ነከሳት፣ ደምም ወጣ። ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ ታጠበች፤ ማክሰኞ ጠዋት ጤና ተቋም ደረሰች። ክትባቱ ሰውነቷ መከላከያ እንዲሠራ ያስተምረዋል፣ ይህ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ ይወስዳል። ክፍተቱን የሚሞላው ተዘጋጅቶ የመጣው መከላከያ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ነው። ከሰው ደም የተሠራው በኪሎ 20 ዩኒት ይሰጣል፣ ለእሷ 400 ዩኒት ማለት ነው፤ ከፈረስ የተሠራው በኪሎ 40፣ ማለትም 800። መወጋት ያለበት ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው፤ ቂጥ ላይ ብቻ ከተወጋ ቫይረሱ ካለበት ቦታ በበቂ አይደርስም። መዳፍና ጣት ጠባብ ስለሆኑ ሳይወጠር የሚችለውን ያህል ብቻ ይገባል።

ይህ መድኃኒት ብዙ ቦታ ይጠፋል። እስኪገኝ ተብሎ ክትባቱ አይዘግይ። ክትባቱ ተጀምሮ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ከተገኘ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቷ የራሱን ስለሚሠራ አያስፈልግም።

ቀኑን መሳት፣ ቦታውን መሳት

በጡንቻ የሚሰጠው የተለመደው መርሐ ግብር ቀን 0፣ 3፣ 7፣ 14 እና 28 ነው። ቀን 0 የተነከሱበት ቀን አይደለም፤ የመጀመሪያው መርፌ የተወጋበት ነው። ልጅቷ ማክሰኞ ከጀመረች ሁለተኛው ዓርብ፣ ሦስተኛው የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ አራተኛው ከዚያ በሳምንቱ ማክሰኞ፣ አምስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው አራት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ይውላል። ማክሰኞን «አንድ» ብሎ የቆጠረ ሰው ሁለተኛውን ሐሙስ ይዞ ይመጣል። የውሻው 10 ቀን ግን ከሰኞ ስለሚቆጠር በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ያልቃል፤ እስከዚያ ልጅቷ ሦስት መርፌ ወስዳለች። ውሻው በዚያ ቀን ጤነኛ ከሆነ የቀሩት በሐኪም ውሳኔ ይቆማሉ። አንዳንድ ተቋም በቆዳ ውስጥ የሚሰጥ ወይም የቀናቱ ቁጥር የተለየ መርሐ ግብር አለው፤ በጀመሩበት ይጨርሱ።

አንድ ቀን ካለፈ ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ በነገታው ሄደው ይቀጥላሉ። ትልቁ ስህተት ከሁለተኛው በኋላ «ምንም አላመመኝም» ብሎ መቅረት ነው፤ ማንም በዚያ ሰዓት አያመውም።

ክትባቱ የሚወጋው ትከሻ ላይ ነው፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጭናቸው ፊት ለፊት። ቂጥ ላይ ከተወጋ ስብ ውስጥ ገብቶ በደንብ ስለማይሠራ ያ መርፌ እንደተሰጠ አይቆጠርም። ከፋርማሲ ገዝተው የሚወስዱ ከሆነ በኪስ አይያዙት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልግ ነገር ነው፣ በረዶ ባለበት ሣጥን ይሂድ፣ በረዶውን ሳይነካ ግን፤ ከበረደም ይበላሻል።

ብዙ ሰው የሚሸሸው ሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት የሚወጋውን አስታውሶ ነው። ያ ከበግ አንጎል የሚሠራ የድሮ ክትባት ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር መምከር የጀመረው በ1984 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አሁን የሚመከረው ክትባት በሴል ላይ የሚዘጋጅ ሲሆን ነፍሰ ጡርም፣ የምታጠባ እናትም፣ ጨቅላ ሕፃንም ይወስዱታል።

መጀመሪያ መድኃኒተኛ ዘንድ መሄድ

በገጠርም በከተማም የተነከሰ ሰው ሥር ወደሚቀምም ሰው ይወሰዳል። መዳኑን የሚመሰክሩለት ብዙ ናቸው፣ እየዋሹም አይደለም። ነገር ግን የሚነክስ ውሻ ሁሉ አልታመመም፤ የታመመ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም አይታመምም። ስለዚህ ምንም ባይጠጡ ኖሮ እንኳ ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር፤ መድኃኒቱ የሚመሰገነው በእነዚህ ነው። ያልተረፉት ደግሞ ከወራት በኋላ ስለሚሞቱ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያያይዛቸው የለም። ጠበልም ሆነ የሀገር መድኃኒት ለሚፈልግ ሰው የምንለው፣ መርፌውን ጀምረው ይሂዱ፣ ቀኑንም አይለውጡ ነው። የሚጠጣው ነገር የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ ከሆነ ልጅ ላይ ብቻውን አደጋ ነው።

«አንድ ወር አልፎኛል፣ አሁን ምን ዋጋ አለው?»

ምልክት እስካልታየ ድረስ ቀኑ አላለፈም። ከወር በኋላ የመጣ ሰው ዛሬ እንደተነከሰ ተቆጥሮ ይታከማል፣ ኢሚዩኖግሎቡሊኑንም ጨምሮ። ከዚህ በፊት ሙሉ ክትባት የወሰደ ሰው እንደገና ከተነከሰ ደግሞ አጠባው እንዳለ ሆኖ ቀን 0 እና 3 ላይ ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዋል፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው የክትባቱ ስምና ቀናቱ የተጻፉበት ካርድ ካለ ነው። ለዕረፍት መጥተው እዚህ ተነክሰው ወደ ውጭ የሚመለሱ ሰዎችም የቀሩትን መርፌዎች እዚያ የሚያስቀጥሉት በዚሁ ካርድ ነው።